የብብት ንፍፊት ናሙና በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ሲመረመር፦ ከፎርማሊኑ ዕቃ እስከ መድኃኒቱ ማዘዣ

አንዲት የ52 ዓመት ሴት ናት እንበል። የወር አበባዋ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ በግራ ብብቷ ሥር የማያም እብጠት ከወጣ አራት ወር ሆኖታል። በአገራችን ንፍፊት ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ በቀጭን መርፌ የተወሰደው ናሙና ግን የካንሰር ሴል አሳየ። ጡቷ በማሞግራምም በአልትራሳውንድም ቢታይ ምንም አልተገኘበትም። ካንሰር መኖሩ ታውቋል፤ ከየት እንደተነሣ ግን አልታወቀም። በተለመደው ኤች ኤንድ ኢ ቀለም ብቻ ፓቶሎጂስቱ ሊናገር የሚችለው “ክፉ ዕጢ ነው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል” ድረስ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት እንዲመርጥ ከዚህ ያለፈ መልስ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚሰጠው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ሴል የራሱን ፕሮቲኖች ይሠራል። አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በስላይዱ ላይ ይፈስሳል፤ በዚያ ላይ ኤንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ ኤንዛይሙ ዳብ የተባለውን ኬሚካል ባለበት ቦታ ቡናማ ያደርገዋል። ቡናማ ከታየ ፕሮቲኑ አለ ማለት ነው። ቡናማ ካልታየ ግን ፕሮቲኑ ላይኖር ይችላል፣ ወይም ሥራው ተበላሽቶ ይሆናል። እነዚህን ሁለቱን መለየት የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ነው።

ናሙናው ከሰውነት ሲወጣ

ለዚህ ምርመራ ከቀጭን መርፌ ይልቅ በ14 ጌጅ የኮር መርፌ የሚወሰዱ ሦስት ወይም አራት ቁራጮች ይሻላሉ። ቲሹው ቅርጹን እንደጠበቀ ስለሚወጣ ብዙ ስላይድ ይቆረጥበታል። ቁራጮቹ ወዲያው 10 በመቶ ገለልተኛ ባፈርድ ፎርማሊን ውስጥ ይግቡ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ መዘግየት የለባቸውም። የፎርማሊኑ መጠን ከቲሹው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን፤ የዕቃው አፍም ሰፊ ይሁን። በላብራቶሪ የሚዘጋጅ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት እና 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ይቀላቀላል። ሁለቱ ጨዎች ካልተጨመሩ ፈሳሹ አሲድ እየሆነ ይሄዳል።

በከተማችን በአዲስ አበባ ናሙናውን ከሆስፒታል ወደ ግል ላብራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ ከጥቁር አንበሳ አካባቢ ተነሥቶ በታክሲ ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ ይደርሳል። ቲሹው ፎርማሊን ውስጥ እስካለ ድረስ መንገዱ ራሱ ችግር የለውም። ጉዳት የሚመጣው ናሙናው በጨው ውኃ ወይም በአልኮል ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚቀበል ሰው ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ይጠይቅ። በመጠየቂያው ወረቀት ላይም ሁለት ሰዓቶች ይጻፉ፤ ቲሹው የወጣበት እና ፎርማሊን የገባበት።

ቲሹው ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል የሚለው ግምት ስሕተት ነው። ፎርማሊን ቶሎ ሊዘልቅ ይችላል፤ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ማሠሩ ግን ሰዓታት ይወስዳል። ቀድሞ የወጣ ቁራጭ መሃሉ በሚቀጥለው ደረጃ በአልኮል ይደርቅና ጠርዙ ቡናማ፣ መሃሉ ገርጥቶ ይወጣል። ብዙ ሲቆይ ደግሞ ማሰሪያው ከመጠን በላይ ይጠብቃል። ለምሳሌ ከስቅለት በፊት ባለው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት የተወሰደ ናሙና ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ቢጀመርበት 88 ሰዓት ቆይቷል። ረጅም በዓል ሲመጣ ከ24 ሰዓት በኋላ ናሙናውን ወደ 70 በመቶ አልኮል የሚያዛውር ተረኛ ቀድሞ ይመደብ።

ብሎኩን በቁጠባ መቁረጥ

ቁራጩ ፓራፊን ውስጥ ገብቶ ብሎክ ከሆነ በኋላ ማይክሮቶሙ 4 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸው ሥሥ ቁራጮች ያወጣል። ብሎኩ ከማሽኑ ወርዶ እንደገና በታሰረ ቁጥር ፊቱን ለማስተካከል ብቻ ብዙ ቲሹ ይባክናል፤ የኮር ናሙና ደግሞ ይህን አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ለኤች ኤንድ ኢ አንድ ስላይድ ከተወሰደ በኋላ አሥራ አምስት ያልተቀለሙ ስላይዶች ተከታትለው ይቆረጡ። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ስላይዶች ይሁኑ፤ አለበለዚያ ቲሹው በማፍላቱ ጊዜ ተንሳፍፎ ይጠፋል። ስላይዶቹ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይድረቁ። ተቆርጦ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ ስላይድ ላይ ሄር-2 የተባለውን የሴል ሽፋን ፕሮቲን መመርመር አይገባም፤ ፕሮቲኑ በአየር እየተዳከመ ይሄዳል። ወደ ሌላ ላብራቶሪ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነም ከተቆረጡ ስላይዶች ይልቅ ብሎኩ ራሱ ይሂድ።

ማፍላቱ እና የአዲስ አበባ ከፍታ

ፓራፊኑ በዛይሊን ታጥቦ፣ ቲሹው ከንጹሕ አልኮል ወደ ውኃ ደረጃ በደረጃ ከወረደ በኋላ ፎርማሊን ያሰረውን መፍታት ያስፈልጋል። ይህ የሚሆነው ስላይዱን በባፈር ውስጥ በማሞቅ ነው፤ ወይ በሲትሬት ባፈር፣ ፒ.ኤች 6፣ ወይ በትሪስ-ኢዲቲኤ ባፈር፣ ፒ.ኤች 9። ለኢ.አር ማለትም ለኢስትሮጅን ሪሴፕተር ፒ.ኤች 9 ይመረጣል። ከውጭ የሚመጣው መመሪያ ደግሞ “ከ95 እስከ 98 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ” ይላል።

ችግሩ እዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክፍት ድስት ወይም ክፍት ዋተር ባዝ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ከዚያ አይዘልልም፤ የሚጨመረው ሙቀት ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። የማሽኑ መደወያ 97 ላይ ቢዞርም ባፈሩ 92 ላይ ሆኖ ይንተከተካል። ቴርሞሜትር ባፈሩ ውስጥ ነክሮ ማየት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የማይዘለልም ነው። ሙቀቱ ሲያንስ ማሰሪያው በከፊል ብቻ ይፈታል፤ እንደ ኢ.አር ያለ የተደበቀ ፕሮቲንም ገርጥቶ ወይም ጨርሶ ሳይታይ ይቀራል። ኬራቲን ግን ብዙና ጠንካራ ስለሆነ ቀለሙ እንደወትሮው ሊወጣ ይችላል፤ ይህም ሥራው በሙሉ ደህና የሄደ ያስመስላል።

መፍትሔው ፕሬዠር ኩከር ነው። ለቤት የሚሸጠው ዓይነት፣ ውስጡ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ይበቃል። ባፈሩን ቀድማችሁ አፍሉ፤ ስላይዶቹን በብረት መደርደሪያ አስገቡ፤ ክዳኑን ግጠሙና እንፋሎቱ ሙሉ ግፊት ላይ ከደረሰ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቁጠሩ። በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው የ15 ፒ.ኤስ.አይ ድስት እዚህ 116 ገደማ ይሰጣል፤ ያም ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ከእሳቱ አውርዱት፤ ግፊቱ ራሱ እስኪወርድ ጠብቁ፤ ስላይዶቹ በዚያው ባፈር ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዙ። ክዳኑን ወዲያው የከፈተ ሰው ይቃጠላል፤ ስላይዱም በአየር ይደርቅና ጠርዙ ላይ የውሸት ቡናማ ይዞ ይወጣል። ፕሬዠር ኩከር ከሌለ በ92 ዲግሪ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ይቻላል፤ ርዝመቱን የሚወስነው ግን መገመት ሳይሆን የታወቀ ፖዘቲቭ ቲሹ ላይ በ40፣ በ50 እና በ60 ደቂቃ ሞክሮ ማወዳደር ነው። በአውቶማቲክ ማሽን የምትሠሩም ብትሆኑ ለከፍታ የተስተካከለ መሆኑን አቅራቢውን ጠይቁ። በማፍላቱ መሃል መብራት ከጠፋ ስላይዱን ባለበት መቀጠል አያዋጣም፤ ባፈሩ መቼ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ አይታወቅምና በአዲስ ስላይድ ይጀመር።

የቀረው ሥራ ለለመደው ሰው ቀላል ነው። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ፣ ይህም የቲሹውን የራሱን ኤንዛይም ዝም ለማሰኘት ነው። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፤ ኤንዛይም የተሸከመው ፖሊመር 30 ደቂቃ፤ ዳብ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። በመጨረሻም ኒውክለሱን ሰማያዊ የሚያደርገው ሄማቶክሲሊን። በየመሃሉ በባፈር ይታጠባል፤ ስላይዱ በአንዱም ደረጃ እንዳይደርቅ።

አንድ ነገር ግን ሳይታለፍ ይነገር። የታወቀ ፖዘቲቭ ቲሹ ከታካሚዋ ቲሹ ጋር በአንድ ስላይድ ላይ፣ ከጫፉ በኩል ይለጠፍ። ለብቻው በሌላ ስላይድ ላይ ያለ ኮንትሮል የሚመሰክረው ለራሱ ስላይድ ብቻ ነው፤ በታካሚዋ ስላይድ ላይ አንቲቦዲ ሳይፈስስ ቢቀር ኮንትሮሉ አያውቅም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ይህ የምን ዘር ነው?

በመጀመሪያው ቀን አራት ስላይዶች ብቻ ይውጡ። ከሽፋን ሴሎች ለሚነሣው ካንሰር ለካርሲኖማ ኬራቲን፣ ማለትም ኤ.ኢ-1/ኤ.ኢ-3፤ ከነጭ የደም ሴል ለሚነሣው ለሊምፎማ ሲ.ዲ-45፤ ከቆዳ ቀለም ሴል ለሚነሣው ለሜላኖማ ሶክስ-10፤ አራተኛው ጋታ-3። በእኛ ታካሚ ላይ የካንሰሩ ሴሎች ኬራቲን ላይ ደማቅ ቡናማ ሆኑ፤ ሲ.ዲ-45 በዙሪያቸው ያሉትን የንፍፊቱን ሴሎች ብቻ ቀለመ፤ ሶክስ-10 ባዶ ነው። ካርሲኖማ ነው ማለት ነው፤ ሊምፎማና ሜላኖማ ወጡ።

እዚህ ላይ ሶክስ-10ን ለብቻው አትመኑት። የሆርሞን ሪሴፕተርም ሄር-2ም የሌላቸው ብዙ የጡት ካንሰሮች ሶክስ-10 ያሳያሉ። ሶክስ-10 ፖዘቲቭ ሆኖ ኬራቲኑም ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ሜላኖማ ከመሮጥ በፊት ጡት ይታሰብ። ኬራቲኑ ሳይታይ ሶክስ-10ን ብቻ ያነበበ ሰው ለታካሚዋ የሌላት በሽታ ይጽፍባታል።

ጋታ-3 በካንሰሩ ሴሎች ኒውክለስ ላይ ደምቆ ወጣ። ይህ ወደ ጡት ይጠቁማል፤ የፊኛ ካንሰርም ግን ጋታ-3 አለው፤ በንፍፊት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቲ-ሊምፎሳይቶችም ደብዘዝ ብለው ይቀለማሉ። ስለዚህ የሚነበበው የትልቁ የካንሰር ሴል ኒውክለስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዙር ይህንን ያጠብቃል። ሲ.ኬ-7 ፖዘቲቭ፤ የሳንባና የታይሮይድ ምልክት የሆነው ቲ.ቲ.ኤፍ-1 ኔጋቲቭ፤ የእንቁልጢ ምልክት የሆነው ፓክስ-8 ኔጋቲቭ። በብብቷ ንፍፊት ካንሰር በተገኘባት ሴት ላይ ይህ ሁሉ ሲደመር ካንሰሩ ከጡት የመጣ ነው ለማለት ያበቃል፤ ዕጢው በምስል ባይታይም እንኳ። ኢ.አር ፖዘቲቭ መሆን ብቻውን ጡትን አያረጋግጥም፤ የእንቁልጢና የማሕፀን ካንሰርም ኢ.አር ይኖራቸዋልና።

ዜሮ የሚል መልስ ሲመጣ

አሁን የሕክምናው ሦስት ስላይዶች ይመጣሉ፤ ኢ.አር፣ ፒ.አር ማለትም ፕሮጀስትሮን ሪሴፕተር፣ እና ሄር-2። እነዚህ የተሠሩት በሌላ ቀን ነው እንበል፤ የፕሬዠር ኩከሩ ላስቲክ ተበጥሶ ስለነበር ባፈሩ በክፍት ድስት ፈላ። ውጤቱም ኢ.አር 0፣ ፒ.አር 0፣ ሄር-2 1+ ሆኖ ወጣ። በወረቀት ላይ ይህ ትሪፕል ኔጋቲቭ፣ ማለትም ሦስቱም የሌሉት ነው፤ የሄር-2 1+ እንደ ኔጋቲቭ ይቆጠራልና።

ናሙናው ከጡት ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጥ ነበር። በካንሰሩ አጠገብ ጤነኛ የወተት ቱቦዎች ይኖራሉ፤ ከሴሎቻቸው የተወሰኑት ሁልጊዜ ኢ.አር ያሳያሉ። እነሱም ባዶ ከሆኑ ቀለሙ እንዳልሠራ ወዲያው ይታወቃል። በንፍፊት ውስጥ ግን የወተት ቱቦ የለም። እውነተኛው ዜሮና የተበላሸው ዜሮ በዓይን አንድ ናቸው። የሚለያቸው በስላይዱ ጫፍ የተለጠፈው ኮንትሮል ብቻ ነው።

ፓቶሎጂስቱ ወደ ኮንትሮሉ ሲዞር የጡት ቱቦዎቹ ኒውክለስ በሌላ ቀን እንደሚታየው እንደ ጠቆረ ቡና አልነበረም፤ የደበዘዘ፣ ከሄማቶክሲሊኑ ሰማያዊ ሥር በጭንቅ የሚለይ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ትክክለኛ እርምጃ አንድ ብቻ ነው፤ ውጤቱን አለመጻፍ። “ደካማ ቢሆንም ቀልሟል” ብሎ ማለፍ አይገባም። ኮንትሮሉ ደካማ ከሆነ ከእሱ የደከመ ኢ.አር ያለው ካንሰር ጨርሶ ሳይቀለም ይቀራል።

ቀድመው ከተቆረጡት ስላይዶች ሦስቱ በአዲስ ላስቲክ በፕሬዠር ኩከር ተደገሙ። ኮንትሮሉ ደምቆ ወጣ። ከ200 የካንሰር ሴሎች 160 ኒውክለሳቸው ለኢ.አር ቡናማ ሆኖ ተቆጠረ፤ 80 በመቶ ማለት ነው። ፒ.አር 40 ሴል፣ 20 በመቶ። ሄር-2 ደግሞ ወደ 2+ ወጣ።

ለኢ.አር ፖዘቲቭ የሚባለው ከ1 በመቶ ጀምሮ ነው። ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው “ዝቅተኛ ፖዘቲቭ” ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠባያቸው ወደ ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚያደላ ስለሆነ ሐኪሙ ቁጥሩን ማወቅ አለበት። “ኢ.አር ፖዘቲቭ” ብቻ የሚል፣ በመቶኛ የሌለው ሪፖርት ከደረሳችሁ መልሳችሁ ጠይቁ።

ሄር-2ን ማንበብ

ሄር-2 የሚነበበው ኒውክለስ ላይ ሳይሆን በሴሉ ሽፋን ላይ ነው። 3+ የሚባለው ከ10 በመቶ በላይ በሆኑት የካንሰር ሴሎች ሽፋኑ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ደምቆ ሲታይ ነው፤ መስኩ በሙሉ የማር እንጀራ ይመስላል፤ በዝቅተኛ ማጉሊያም ያስታውቃል። 2+ ዙሪያውን የከበበ ግን ከደካማ እስከ መካከለኛ ቀለም ሲሆን ነው፣ እሱም ከ10 በመቶ በላይ በሆኑ ሴሎች። 1+ የተቆራረጠና በከፍተኛ ማጉሊያ ብቻ የሚታይ ነው። ሳይቶፕላዝሙ ቡናማ መሆኑ አይቆጠርም። በኮንትሮሉ ላይ ጤነኛ የወተት ቱቦዎች ሄር-2 ላይ ከደመቁ ቀለሙ ከመጠን በላይ ሄዷል፤ ያን ቀን የወጣ 3+ አይታመንም።

2+ መልስ አይደለም፤ ገና ጥያቄ ነው። የጂኑን ብዛት የሚቆጥር ፊሽ የተባለ ምርመራ ይከተለዋል። በእኛ ታካሚ የሄር-2 ጂን ከክሮሞሶም 17 ማመሳከሪያው ጋር ያለው ንጽጽር 1.2፣ በሴል አማካይ ብዛቱ 2.6 ሆኖ ተገኘ። ፖዘቲቭ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ንጽጽሩ ቢያንስ 2፣ ብዛቱም ቢያንስ 4 ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ኔጋቲቭ ነው። ፊሹ ሳይሠራ 2+ን እንደ ፖዘቲቭ ቆጥሮ መድኃኒት መጀመርም፣ እንደ ኔጋቲቭ ቆጥሮ መተውም ልክ አይደለም።

ኬአይ-67 ብዙ ጊዜ አብሮ ይጻፋል፤ የሚባዙ ሴሎችን መጠን ያሳያል። 5 በመቶና ከዚያ በታች ወይም 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ይጠቅማል፤ መሃሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ከአንባቢ አንባቢ ስለሚለያይ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥበት።

ቀለሙ ወደ መድኃኒት ሲለወጥ

የታካሚዋ የመጨረሻ ሪፖርት እንዲህ ይነበባል፤ “በብብት ንፍፊት የተገኘ ከጡት የመነጨ ካርሲኖማ፤ ኢ.አር 80 በመቶ፣ ደማቅ፤ ፒ.አር 20 በመቶ፤ ሄር-2 2+፣ በፊሽ ኔጋቲቭ።” ጡቷ በኤም.አር.አይ ይታያል፤ እዚያም ዕጢ ካልተገኘ ብብቱ በቀዶ ሕክምና ይጸዳል፤ ጡቱ በጨረር ይታከማል ወይም ይነሣል። ኬሞቴራፒ የሚያስፈልጋት መሆኑ የሚወሰነው በተያዙት ንፍፊቶች ብዛትና በጤንነቷ ነው። ከዚያ የሆርሞን ክኒን ቢያንስ ለ5 ዓመት። የወር አበባዋ ስለቆመ ሌትሮዞል 2.5 ሚሊ ግራም ወይም አናስትሮዞል 1 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፤ እነዚህ አጥንት ስለሚያሳሱ የአጥንቷ ጥንካሬ ይለካል። ታሞክሲፈን 20 ሚሊ ግራምም ይቻላል። የወር አበባ ለምታይ ሴት ግን ሌትሮዞል ለብቻው አይሰጥም፤ ኦቫሪዋ ራሱ ኢስትሮጅን ስለሚያመርት መድኃኒቱን ያሸንፈዋል።

የክፍቱ ድስት ውጤት እንደወጣ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ኬሞቴራፒ ብቻ ይታዘዝላት ነበር፤ ክኒኑን ማንም አያነሣላትም ነበር። በተቃራኒው ሄር-2 እውነተኛ 3+ ቢሆን ትራስቱዙማብ ይጨመራል። ክብደቷ 60 ኪሎ ቢሆን መጀመሪያ 480 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ 360 ሚሊ ግራም ለአንድ ዓመት ይሰጣታል። መድኃኒቱ ልብን ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በየሦስት ወሩ ኤኮ ይታዘዛል። ይህን ውድ መድኃኒት ከመጠን በላይ በቀለመ ስላይድ ምክንያት መስጠት ኪስንም ልብንም በከንቱ ይጎዳል።

ቤተሰብ ሪፖርቱን ሲቀበል ብሎኩ የት እንደሚቀመጥና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ይጻፍ፤ የስላይዱ ቁጥርና የብሎኩ ቁጥር አንድ መሆናቸውንም ያመሳክር። ሁለተኛ አስተያየት ከተፈለገ የሚወሰደው ብሎኩ ነው። ከዓመታት በኋላ ካንሰሩ በሌላ ቦታ ተመልሶ ቢመጣ ግን የድሮው ብሎክ አይበቃም፤ ኢ.አርም ሄር-2ም ሊለወጡ ስለሚችሉ ከአዲሱ ቦታ ናሙና ተወስዶ ሦስቱ ስላይዶች እንደገና ይሠራሉ፤ ፎርማሊን የገባበት ሰዓትም እንደገና ይጻፋል።